በአሜሪካ የብድር ታሪክ የሌለው ሰው በ300 ዶላር መያዣ እንዴት ይጀምራል?

መርካቶ ውስጥ በስሙ ብቻ ዕቃ በዱቤ የሚያነሳ፣ የባንክ ብድሩንም ዓመታት ሙሉ ቀን ሳያሳልፍ የከፈለ ነጋዴ አሜሪካ ሲገባ ይህ ሁሉ ስሙ አብሮት አይሻገርም። አበዳሪዎች የሚመለከቱት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት ድርጅቶች የሚይዙትን መዝገብ ሲሆን፣ በዚያ መዝገብ አዲስ ገቢው ገና አልተጻፈም። ስለዚህ የብድር ነጥቡ ዝቅተኛ ነው ማለት ሳይሆን ነጥብ ጭራሹኑ የለውም ማለት ነው።

ከ300 እስከ 850 የሚደርሰውና በስፋት የሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ እንዲሰላ ቢያንስ አንድ ስድስት ወር የሞላው የብድር ሂሳብ፣ እንዲሁም ባለፉት ስድስት ወራት ሪፖርት የተደረገ ሂሳብ መኖር አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ፣ ታሪክ ለሌለው ሰው ይህን የመጀመሪያ ሂሳብ ማን ይከፍትለታል የሚለው ነው።

የተለመደው በር በመያዣ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ነው። አመልካቹ ለምሳሌ 300 ዶላር ያስይዛል፤ ባንኩም 300 ዶላር ጣሪያ ያለው ካርድ ይሰጠዋል። አብዛኞቹ ባንኮች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሚያስተናግዱም አሉ። ከመፈረም በፊት ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ካርዱ በየወሩ ለሦስቱም ድርጅቶች ሪፖርት ይደረጋል ወይ? መያዣውስ መቼ ይመለሳል? አስቀድሞ ገንዘብ ተሞልቶበት የሚወጣ ካርድም ሆነ የራስን ሂሳብ የሚቀንስ የባንክ ካርድ ብድር ስላልሆነ መዝገብ አይፈጥርም።

መያዣ ክፍያ አይደለም

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ገንዘቤ ባንኩ ዘንድ ስላለ ከዚያ ይቆረጣል» ብሎ ወርሃዊውን ሂሳብ ሳይከፍል የሚቀመጥ ሰው ዕዳው እንደማንኛውም ዕዳ ይዘገያል። ከመክፈያው ቀን 30 ቀን ያለፈ ክፍያ ለድርጅቶቹ ሪፖርት ሊደረግ ይችላል፤ ከተመዘገበም እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። በፋይኮ ስሌት የአከፋፈል ታሪክ ብቻውን 35 በመቶውን ይይዛል።

ከዚህ ቀጥሎ 30 በመቶውን የሚይዘው የዕዳው መጠን ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለት ቀኖችን ለይቶ ማወቅ ይገባል፤ አንደኛው የወሩ ሂሳብ የሚዘጋበት ቀን ሲሆን ሁለተኛው የመክፈያው ቀን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርት የሚደረገው ሂሳቡ በተዘጋበት ዕለት የሚታየው ዕዳ ነው።

ሂሳቡ መጋቢት 20 ተዘግቶ ሚያዝያ 15 የሚከፈል ካርድ እንውሰድ። ባለካርዱ በወሩ ውስጥ የ240 ዶላር አስቤዛና ነዳጅ ገዛበት። ሚያዝያ 15 ሙሉውን ቢከፍል ወለድ የለበትም፣ አልዘገየምም። ነገር ግን መዝገቡ ላይ ከ300 ዶላር ውስጥ 240 ማለትም 80 በመቶ ተጠቅሞ ይታያል፤ ይህም ገንዘብ ያጠረው ሰው ያስመስለዋል። ይኸው ሰው መጋቢት 17 ላይ 220 ዶላር ቢከፍል ሂሳቡ የሚዘጋው በ20 ዶላር፣ ማለትም ከ7 በመቶ በታች ነው። ቀሪዋን 20 ዶላር እስከ ሚያዝያ 15 ይከፍላል። ወጪው ያው ነው፤ የተለየው የከፈለበት ቀን ብቻ ነው።

የአንድ ወር ከፍተኛ ዕዳ ግን እንደ ዘገየ ክፍያ ዓመታት አይከተልም። በአብዛኛዎቹ የፋይኮ ስሌቶች የሚቀጥለው ወር ዝቅተኛ ዕዳ ሲተካው ጫናው ይነሳል። ስለሆነም ጥንቃቄው በተለይ የመኪና ወይም የቤት ብድር ከመጠየቅ በፊት ባሉት ወራት ይጠቅማል። «ጥቂት ዕዳ ማሳደር ነጥብ ያሳድጋል» የሚለው ወሬም ስህተት ነው፤ የሚያስገኘው ወለድ መክፈልን ብቻ ነው።

የስም አጻጻፍ

ለኢትዮጵያውያን የተለየ ችግር የሚሆነው ስም ነው። የአባት ስም በአንዱ ቅጽ የቤተሰብ ስም፣ በሌላው የመካከለኛ ስም ሆኖ ሲሞላ፣ ወይም በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሁለት ፊደል ሲጻፍ፣ የአንድ ሰው መዝገብ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። መድኃኒቱ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ በባንክም በኪራይ ውልም ሳይለውጡ መጠቀም ነው።

መዝገቡ በትክክል መጻፉን ለማየት AnnualCreditReport.com ላይ የሦስቱንም ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማውጣት ይቻላል። ካርዱ ከተከፈተ ሁለት ወይም ሦስት ወር አልፎት በአንዱ ሪፖርት ላይ ካልታየ ባንኩን መጠየቅ ይገባል። ስድስተኛውን ወር ቆጥሮ ነጥብ የሚጠብቅ ሰው፣ ያልተመዘገበ ካርድ ይዞ ከሆነ፣ የሚጠብቀው በከንቱ ነው።