«ሰማሁ» ስንል ድምፁን ነው ወሬውን?

በአማርኛ «ከበደ ኳስ ተጫወተ» ያልን እንደሆነ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው። ተናጋሪው ጨዋታውን በዓይኑ አይቶ ይሁን፣ ከሰው ሰምቶ ይሁን ወይም ገምቶ ይሁን፣ «ተጫወተ» የሚለው ግሥ አይነግረንም። ይህንኑ ግሡ ራሱ እንዲናገር የሚያስገድዱ ቋንቋዎች ግን አሉ። ከእነዚህ አንዱ በኮሎምቢያና በብራዚል ወሰን፣ በቫውፔስ ወንዝ አካባቢ የሚነገረው ቱዩካ ነው። ጃኔት ባርንስ የተባሉ የቋንቋ አጥኚ በ1984 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኛም ምሳሌያችንን ከዚህ ቋንቋ እንወስዳለን።

በቱዩካ «ዲኢጋ» ማለት ኳስ ነው፤ «አፔ» ደግሞ «መጫወት» ለሚለው ግሥ ሥር ነው። «እሱ ኳስ ተጫወተ» ለማለት የሚፈልግ ሰው ከሚከተሉት አምስት ባዕድ መድረሻዎች አንዱን በግሡ ላይ መጨመር አለበት።

1. ዲኢጋ አፔዊ፦ ተጫወተ፤ ሲጫወት በዓይኔ አይቻለሁ።
2. ዲኢጋ አፔቲ፦ ተጫወተ፤ አላየሁትም፣ ግን ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።
3. ዲኢጋ አፔዪ፦ ተጫወተ፤ ጨዋታውን አላየሁም፣ የጫማውን ዱካ ግን ሜዳው ላይ አይቻለሁ።
4. ዲኢጋ አፔዪግ (መጨረሻው ሳድስ ሆኖ ይነበባል)፦ ተጫወተ፤ ሰው ነግሮኛል።
5. ዲኢጋ አፔሂዪ፦ ተጫወተ፤ እሑድ እሑድ መጫወት ልማዱ ስለሆነ ተጫውቷል ብዬ አስባለሁ።

እነዚህ መድረሻዎች የዕውቀቱን ምንጭ ብቻ አይደለም የሚያሳዩት። ጊዜንና ባለቤትንም አብረው ይይዛሉ። ከላይ ያሉት ሁሉ ለኀላፊ ጊዜና ለአንድ ወንድ ናቸው። የተጫወተችው ሴት ብትሆንና አይተናት ቢሆን «አፔዊ» መባሉ ቀርቶ «አፔዎ» ይባላል። ስለዚህ ምንጩን ትቶ ጊዜውንና ባለቤቱን ብቻ መናገር አይቻልም።

አሁን ሁለተኛውንና አራተኛውን እናስተያይ። በአማርኛ ሁለቱንም «ሰማሁ» በሚል አንድ ቃል እንጠራቸዋለን። አንድ ሰው ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ የኳሱንና የተጫዋቹን ድምፅ ቢሰማ «ሰማሁ» ይላል። ማታ ቤቱ ሆኖ ጎረቤት ቢነግረውም «ሰማሁ» ይላል። በቱዩካ ግን የመጀመሪያው «ቲ» ነው፤ ጆሮው ራሱ ምስክር ነውና። የኋለኛው «ዪግ» ነው፤ ምስክሩ ሌላ ሰው ነውና። እኛ ልዩነቱን የምናሳየው በአጠገቡ ባለው ግሥ ነው፤ «ሲጫወት ሰማሁት» ድምፁን፣ «ተጫወተ ሲሉ ሰማሁ» ወሬውን ያመለክታል። «መጫወቱን ሰማሁ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። «ዪግ» ጥርጣሬን የሚያሳይ ይመስላቸዋል። አይደለም። የነገረንን ሰው ሙሉ በሙሉ ብናምነውም «ዪግ» ነው የምንለው፤ መድረሻው የሚናገረው ወሬው ከየት እንደመጣ እንጂ እውነት መሆን አለመሆኑን አይደለምና። በአንጻሩ ያላየ ሰው «አፔዊ» ቢል፣ ሰውየው በእርግጥ ተጫውቶ ቢገኝ እንኳ፣ ተናጋሪው ስለ ራሱ ያልሆነውን ተናግሯል።

በአማርኛ ለሦስተኛው የሚቀርበው «ኖሯል» ነው። ጧት ተነስተን መሬቱ ርሶ ብናይ «ሌሊት ዘንቦ ኖሯል» እንላለን። ዳሩ ግን ሁለት ልዩነት አለ። አንደኛ፣ «ሌሊት ዘነበ» ብንልም ማንም አያርመንም፤ ስለዚህ ግዴታ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሰው ነግሮን አሁን ገና ስናውቅም «ለካ ታሞ ኖሯል» እንላለን። እንግዲህ «ኖሯል» የዱካውንም የወሬውንም ቦታ ይይዛል፤ ዋና ነገሩ አዲስ መረዳታችን ነው። «ሞተ አሉ» ስንል ያለው «አሉ» ደግሞ ወደ «ዪግ» ይጠጋል፤ እሱም ቢቀር ዐረፍተ ነገሩ አይጎድልም።

ይህ ልዩነት ክፍል ውስጥም ይገጥመናል። አንድ ተማሪ «አበበ ልጁን ሰደበው» ብሎ ቢከስ፣ ቅጣቱን የሚወስነው መምህር ከግሡ ምንም አያገኝም። «ሰማሁ» ቢልም ገና አልጠራም። «ሲሰድበው ነው የሰማኸው ወይስ ሰደበው ሲሉ?» ብሎ መጠየቅ የመምህሩ ፈንታ ነው። የቱዩካ ልጅ ቢሆን ሳይጠየቅ በመድረሻው በነገረን ነበር።

መልመጃ፦ የሚከተሉት በቱዩካ ቢነገሩ ከአምስቱ የትኛው መድረሻ ይገባቸዋል? ምክንያቱን አስረዱ።

ሀ. ጎረቤቶቻችን ሌሊት ሲጣሉ ሰማሁ።
ለ. ጎረቤቶቻችን ተጣልተው ኖሯል። (አጥሩ ፈርሶ፣ ዕቃው ተሰባብሮ ያየ ሰው የተናገረው)
ሐ. ወንድሜ ደረሰ። (ሲገባ ያየው፣ በኋላም እናቱ የነገረችው ሰው የተናገረው)

ለሐ መንደርደሪያ እንስጥ፤ ቱዩካዎች ከአንድ በላይ ምንጭ ሲኖራቸው ቅርብ የሆነውን ይመርጣሉ፤ ዓይን ካየ ሌላው ይቀራል።