ምዕራፍ ሰባት፦ ዘግይቶም ቀዝቅዞም የመጣ ጥብስ

የፒያሳ ምሳ አጭር ነው። ከማዘጋጃ ቤት፣ ከባንኮቹና ከአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የሚወጣው የቢሮ ሠራተኛ ስድስት ተኩል ላይ ይወጣል፤ ሰባት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ጋ መገኘት አለበት። አርብ ለሶላት ሲባል የመንግሥት ቢሮዎች እረፍት ይረዝማል። በሌላው ቀን ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ የመንገዱም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ስለሄደ፣ በር ላይ ያለ ጎረቤት ነገም ይመጣል ብሎ መተማመን ለብዙ ምግብ ቤት አብቅቷል። ዛሬ ቅር ብሎት የወጣ ሰው የሚመለስበት መንገድ ረጅም ነው።

አንድ ማክሰኞ እንውሰድ። አራት የሥራ ባልደረቦች ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። ሁለቱ ተጋቢኖ፣ አንዷ ፍርፍር፣ በዕድሜ ትልቁ ሰው የበግ ጥብስ። ተጋቢኖውና ፍርፍሩ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ይደርሳሉ፤ ጥብሱ ግን የለም። ሦስቱ እጃቸውን ታጥበው እንጀራውን አይነኩም፤ ትልቅ ሰው ባዶ እጁን ተቀምጦ እንዴት ይበላል? ሰባት ከሃያ ላይ ጥብሱ በብረት ሳህን ይመጣል። ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ሞራ ረግቷል። ሰውየው አንድ ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ከዚያም፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ በርዷል። ይህን ያህል ጠብቀን!» ይላሉ።

አስተናጋጁ ከመመለሱ በፊት ባለቤቱ ወይም ተቆጣጣሪው ሊያነበው የሚገባ ነገር ሳህኑ ላይ አለ። የዘገየ ምግብ ትኩስ ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ምድጃው ተጨናንቋል፣ ሥጋው ሳይከተፍ ቆይቷል፣ ትዕዛዙ ዘግይቶ ደርሷል። የዘገየው ቀዝቅዞም ከመጣ ግን ምግቡ በጊዜው ተሠርቶ ሌላ ቦታ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ምግብ በሚወጣበት መስኮት ላይ ነው። ወጥ ሠሪዋ አውጥታ ጠርታለች፣ አስተናጋጁ ሂሳብ እየተቀበለ ነው፣ ሌላው አስተናጋጅ ደግሞ የእኔ ጠረጴዛ አይደለም ብሎ አልፎታል። ነጩ ሞራ የዚህ ምስክር ነው። የበግ ሞራ ገና ለብ እያለ መርጋት ስለሚጀምር፣ ጠፍጣፋ ብረት ሳህን ላይ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ይታያል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ወጥና ሽሮ ከድስት ሲወጡ ቆላ ላይ ካለው ድስት ይልቅ ሙቀታቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ለመቀዝቀዝም ያነሰ መንገድ ይቀራቸዋል። ስለዚህ መስኮት ላይ የሚባክን ደቂቃ እዚህ ከተማ ውስጥ የበለጠ ይጎዳል።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? አስተናጋጁ በልማድ የሚናገረው፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ወጥ ቤት ስለበዛበት ነው» የሚለው ሰበብ ውሸት ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ምግብ የሚያውቅ ደንበኛ የረጋ ሞራ አይቶ ወጥ ቤቱ እንዳላጠፋ ይገባዋል። ሰበቡ ልክ ቢሆንም እንኳ ጥፋቱን ደንበኛው ለማያውቃቸው የወጥ ቤት ሴቶች አሸክሞ ቅሬታውን ያለ ባለቤት ይተወዋል።

ሰውየው ሁለት ነገር ተወስዶባቸዋል፤ ጊዜያቸውና ትኩስ ምግባቸው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካሳ የላቸውም። ብዙ ቤት «እንቀይርልዎታለን» ብሎ ምግቡን ብቻ ይመልሳል። ቅያሪው አሥራ አምስት ደቂቃ ከፈጀ ግን የቀረችውን አሥር ደቂቃ ወስዶ ጉዳቱን ያበዛዋል። ስለዚህ ከይቅርታው ቀጥሎ መምጣት ያለበት ጥያቄ ነው፤ «ስንት ሰዓት ላይ መግባት አለብዎት?»

አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጋሼ፣ አርባ ደቂቃ አስጠብቀንዎት የበረደ ምግብ አመጣንልዎ። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ስንት ሰዓት ላይ መግባት አለብዎት?» እዚህ ላይ አርባ ደቂቃ ብሎ መናገሩ ትልቅ ሥራ ይሠራል። እንግዳው በልቡ የቆጠረውን አስተናጋጁ በአፉ ሲናገርለት፣ ለመከራከር የተዘጋጀበት ነገር ይቀርለታል። «ትንሽ ዘግይቷል» ከተባለ ግን ክርክሩ በደቂቃው ላይ ይጀመራል።

ሰውየው «ሰባት ተኩል» ካሉ አዲስ ጥብስ አይደርስም፤ ይህንኑ መንገር ይሻላል። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ እሳት ላይ ካለ ድስት አሁኑኑ የሚወጣ ነገር፣ ለምሳሌ ሽሮ ወይም ቀይ ወጥ፤ ሌላው አዲስ ጥብስ ተሠርቶ በዕቃ ታሽጎ ቢሯቸው ድረስ የሚላክላቸው። ቢሯቸው ቸኩሎ ካልጠራቸውና መጠበቅ ከቻሉ «አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል» ተብሎ ቁጥሩ ይነገራል፤ ቁጥሩም ከወጥ ቤት ተጠይቆ የመጣ እንጂ የተገመተ አይሁን። ዴቪድ ማይስተር የተባለው የአገልግሎት ሥራ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋ በጻፈው ጽሑፍ፣ መጨረሻው ያልታወቀ ጥበቃ መጨረሻው ከታወቀው ይልቅ እንደሚረዝም፣ ምክንያቱ ያልተነገረም ከተነገረው እንደሚከብድ አስረድቷል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። «አሁን ይመጣል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጎጂ ነው፤ እንግዳው ከአርባው ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰምቶታልና።

የቀዘቀዘው ሳህን ምን ይሁን? ጥብስ እንደገና አይሙቅ። ሥጋው ይደርቃል፣ ሽንኩርቱ ይልማል፤ ከሁሉ የከፋው ግን እንግዳው የጎረሰበት ሳህን ሲመለስለት «ያንኑ አሙቀው አመጡት» የሚል ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ጥርጣሬውም ልክ ነው። ሳህኑ ከፊታቸው ይነሳ፣ አዲሱ ደግሞ ዓይን የሚያየው ልዩነት ይኑረው። ፍም ባለበት ሸክላ ላይ ቢመጣ ጠረጴዛው ላይ እየጮኸ ራሱ ይናገራል። ምግቡ በአንድ ትሪ የቀረበ የጋራ ገበታ ከሆነ ግን ትሪው አይነሳ። ሌሎቹ የቆረሱበትን ማንሳት ገበታውን መበተን ነው። ትኩሱ በትንሽ ድስት መጥቶ፣ ከአዲስ እንጀራ ጋር፣ እንግዳው ፊት በኩል ይፈስሳል።

ሦስቱን ባልደረቦች መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። እነርሱ ያላማረሩት ምግባቸው ትኩስ ስለነበር አይደለም፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ቢመጣም ሃያ ደቂቃ ጠብቀው ሳይነኩት ቀዝቅዟል። አስተናጋጁ «ይሄንንም ላሙቅላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ሽሮ ጠብታ ውሃ ጨምረው እሳት ላይ ቢመልሱት ስለማይበላሽ፣ ያልተነካ ከሆነም ማንንም ስለማያስከፋ፣ ሥራው ቀላል ነው። ይህ ጥያቄ ለትልቁ ሰውም እፎይታ ይሰጣቸዋል፤ በእርሳቸው ምክንያት ሌላው ሳይበላ ቀረ የሚለው ሐሳብ ከቀዘቀዘው ጥብስ ይልቅ ያሳቅቃቸዋልና።

የገንዘቡ ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቀድሞ ከመጣ ዝም ለማሰኘት የተከፈለ ይመስላል። ውሳኔው ግን ደረሰኝ ከመቆረጡ በፊት ይሁን፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ያወጣውን ማስተካከል ሌላ ሥራ ስለሆነ፣ ካሸሩ ጋ ቆሞ መጠበቅ ለእንግዳው ሁለተኛ ጥበቃ ይሆንበታል። የጥብሱ ዋጋ ከሂሳቡ ይውጣ፤ የአራቱም ምሳ መተው አያስፈልግም። ከልክ ያለፈ ካሳ ትልቅ ሰው ያሳፍራል፤ ለሚቀጥለው ጊዜም እንዳይናገሩ አፋቸውን ይይዛቸዋል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አስተናጋጁ ባለቤቱን ፍለጋ መሄድ የለበትም። ሪትዝ ካርልተን የተባለው የሆቴል ድርጅት አንድ ሠራተኛ የአንድን እንግዳ ችግር ለመፍታት እስከ 2,000 ዶላር ያለ ፈቃድ እንዲያወጣ በመፍቀዱ ይታወቃል። ለፒያሳ ቤት የአንድ ምግብ ዋጋ ይበቃል። ፈቃዱ ግን በእውነት ይሰጥ። ብዙ ቤት የተመለሰ ምግብ ከአስተናጋጁ ደሞዝ ላይ ይቆረጣል፤ ይህ አሠራር ቢቀር በጣም ደስ ይለኛል። ከደሞዙ የሚቆረጥበት ልጅ ቅሬታ ሲሰማ ይደብቃል፣ «ምግቡ እንዴት ነው?» ብሎም አይጠይቅም። በእንግዳው ፊት መቆጣትም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ልጁን ሲያመናጭቅ ትልቁ ሰው «ተዉት፣ ተዉት፣ ምንም አይደል» ብለው ያስታርቃሉ፤ በሰው ልጅ ላይ ቁጣ ያመጡት እርሳቸው እንደሆኑ ተሰምቷቸው ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ በር አያልፉም።

ደህና የተያዘ ቅሬታ እንግዳውን ከበፊቱ የበለጠ ወዳጅ ያደርገዋል የሚል አስተያየት በአገልግሎት ሥራ መጻሕፍት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ገደብ አለው። ማክስሃምና ኔተማየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ጥሩ እርማት ከአንድ ጥፋት በኋላ ደንበኛውን ሊያስደስት ቢችልም ሁለተኛ ጥፋት ሲደገም ያ ጥቅም አይገኝም። ሰው አንዴ ድንገት ነው ይላል፤ ሲደገም የቤቱ ጠባይ ነው ብሎ ይደመድማል።

ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የዚያ ጠረጴዛ የትዕዛዝ ወረቀት መፈለግ ያለበት። ወረቀቱ ላይ ሦስት ሰዓት ቢጻፍ ይበቃል፤ ሲታዘዝ፣ መስኮት ላይ ሲወጣ፣ ጠረጴዛ ሲደርስ። በእኛ ማክሰኞ ጥብሱ የታዘዘው ስድስት ከአርባ ላይ ነው፤ መስኮት ላይ የወጣው ሰባት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ የደረሰው ሰባት ከሃያ። ወጥ ቤቱ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሠርቷል፤ መስኮቱ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይዞታል። እንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ ምድጃ መግዛት አያስፈልገውም። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ሂሳብ የማይቀበል፣ የማንም ጠረጴዛ ይሁን ከመስኮቱ ብቻ እያነሳ የሚያደርስ አንድ ሰው ያስፈልገዋል፤ የአንድ ጠረጴዛ ምግብም አብሮ እንዲወጣ ለወጥ ቤት የሚጠራው እርሱ ነው፦ ጥብሱ ሊደርስ ሲል ተጋቢኖው እሳት ላይ ይጣድ።