በሐኪም ቤትና በቤት የሚለካ የደም ግፊት

የደም ግፊት እንደ ሰው ቁመት ጸንቶ የሚቆም አይደለም፤ በሰዓቱ፣ በሥራውና በስሜቱ ይለዋወጣል። በሐኪም ቤት ብቻ የተለካ ቁጥር ሐኪሙን በሁለት ተቃራኒ መንገድ ሊያሳስት የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ሁለት ሰዎችን በምሳሌ እንውሰድ። አንደኛው በጠዋት ከባምባሲ ተነሥቶ አሶሳ የገባ ገበሬ ነው። ወረፋ ጠብቆ ሲለካ 152 በ94 ሆነ፤ በሌላ ቀን ተመልሶ ቢለካም ከዚያ አልራቀም። ሁለተኛዪቱ እዚያው አሶሳ የምታስተምር መምህርት ናት፤ 132 በ82 ተገኘባትና «ደኅና ነሽ» ተባለች። የሐኪም ቤቱ ወሰን 140 በ90 ስለ ሆነ ገበሬው በሽተኛ፣ መምህርቷ ጤነኛ መሆናቸው ነው።

አሁን ሁለቱም በቤታቸው ለ7 ቀን ይለኩ እንበል። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፣ ሲጋራ አይጨስም። ሽንት ተሸንቶ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ በዝምታ መቀመጥ ያስፈልጋል። ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ መጠምጠሚያውም ለክንዱ የሚበቃ ይሁን፤ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋልና። ጠዋትና ማታ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁሉም ይጻፋል። ሰው ገና ስላልለመደው የመጀመሪያው ቀን ይተዋል፤ 24 ልክ ይቀራል።

የገበሬው የላይኛው ቁጥር ድምር 3072፣ የታችኛው 1920 ቢሆን፣ ለ24 ሲካፈል 128 በ80 ይሆናል። የመምህርቷ 3432 እና 2136 ቢሆን 143 በ89 ይወጣል። በቤት ሰው ዕረፍት ስላለው ወሰኑ 135 በ85 ነው። እንግዲህ ፍርዱ ተገለበጠ።

የገበሬው «የነጭ ጋወን የደም ግፊት» ይባላል፤ በሐኪም ፊት ሰውነቱ ይደነግጣል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ የደም ሥሩም ይጠባል። ይህን ስም በ1988 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ቶማስ ፒከሪንግ የተባለ ሐኪም ነው። ገበሬው በችኮላ መድኃኒት ቢጀምር ግፊቱ ከሚገባው በታች ወርዶ ሊያዞረው ይችላል። ሆኖም ከጊዜ በኋላ እውነተኛ ግፊት ሊሆን ስለሚችል በየዓመቱ ይለካ።

የመምህርቷ «የተሸሸገ የደም ግፊት» ነው፤ የሚያሰጋውም ይኸኛው ነው። ጉዳቱ በግልጽ ከሚታየው ግፊት ስለማይርቅ፣ ደኅና ነሽ በተባለችበት ዘመን ሁሉ ልቧ፣ ኩላሊቷና አንጎሏ ይጎዳሉ።

የቤት ልክም ወሰን አለው። የልብ ምታቸው ሥርዓት የሌለው ሰዎች በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲለኩ ቁጥሩ ሊሳሳት ይችላል፤ በእጅ አንጓ የሚታሰረውም መለኪያ እንደ ክንዱ አይታመንም። በእንቅልፍ ጊዜ ያለውን ግፊት ለማወቅ 24 ሰዓት የሚለካ መሣሪያ ያሻል። ቁጥሩ 180 በ110 የደረሰ ሰው ግን ሳምንት ሳይጠብቅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።