ንግግርን ከሥዕል ጋር ስለ ማስማማት

ዌቢናር ማለት ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት የሚከታተሉት ጉባኤ ነው። አዲስ ዕቃ ለገበያ ሲቀርብ ተናጋሪው ድምፁን ያሰማል፤ በስክሪኑ ላይ ደግሞ ሥዕሎች በተራ ይታያሉ። የንግግሩን ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ በግራ የሚታየውን፥ በቀኝ የሚነገረውን ይጽፋል።

ለምሳሌ ከሐረና ደን የሚለቀመውን ቡና በአዲስ ከረጢት አሽገን ለሩቅ አገር ገዢዎች እናቀርባለን እንበል። በመጀመሪያ ከጎባ ተነሥቶ በሳነቴ አምባ ላይ አልፎ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በካርታ ይታያል፤ ቀጥሎም ቡናው ሲደርቅ። ለሁለተኛው ሥዕል እንዲህ ብንጽፍ፦

«በደኑ ጥላ ሥር በእጅ ተለቅሞ፥ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ተዘርግቶ፥ በፀሐይ የደረቀው የሐረና ቡና ይህ ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ ለጆሮ ያምራል። ነገር ግን በሰዓት ይዤ ሳነበው ዐሥር ሴኮንድ ያህል ፈጀብኝ፤ «ቡና» የሚለው ቃል የመጣውም ወደ መጨረሻው ነው። አማርኛችን ገላጩን አስቀድሞ ስሙን ያስከትላልና። ሥዕሉን የሚለውጠው ሰው ይህን ቃል ከጠበቀ፥ ተመልካቹ ስለ ሽቦ አልጋ እየሰማ የሚያየው ካርታውን ነው።

በዚህ ላይ የመስመሩ መዘግየት ይጨመራል። ሥዕል ብዙውን ጊዜ ከድምፅ ዘግይቶ ይደርሳል። ልኩን ለማወቅ በሌላ ስልክ እንደ ተመልካች ገብቶ፥ «ለውጥ» ካሉበት ጊዜ አንሥቶ ሥዕሉ እስኪታይ መቁጠር ነው። ሦስት ሴኮንድ ቢሆን፥ በዘጠነኛው ሴኮንድ የተለወጠው ሥዕል በዐሥራ ሁለተኛው፥ ማለት ንግግሩ ካለቀ በኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ሰባብሬ እንዲህ አደርገዋለሁ፦

(ሥዕል ለውጥ) «ከደኑ ወጥተን ወደ ማድረቂያው እንሂድ። (ሥዕሉ እስኪደርስ ዕረፍት) ይህ የሐረና ቡና ነው። በደኑ ጥላ ሥር በእጅ ተለቅሟል። አሁን በሽቦ አልጋ ላይ በፀሐይ ይደርቃል።»

የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ሥዕል አትፈልግም፤ መዘግየቱን ትሸፍናለች እንጂ። ባዶ ዝምታ ከረዘመ ተመልካቹ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል። መዘግየቱም ለሁሉም እኩል ስላልሆነ፥ እኔ በደካማው መስመር የተገኘውን ቍጥር እወስዳለሁ።

«እዚህ ጋ»፥ «ይኸኛው» የሚሉት ቃላትም ያስቸግራሉ። የሚጠቁመው ቀስት እንደ ሥዕሉ ይዘገያል፤ በትንሽ ስልክ ላይማ ፈጽሞ ላይታይ ይችላል። «በቀይ የተሰመረው መንገድ» ቢባል ግን ቀስት ሳያስፈልግ ዓይን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ክብደትና ዋጋ የተጻፈበትን የመጨረሻውን ሥዕል ቃል በቃል ማንበብ አይገባም፤ ተመልካቹ በዓይኑ ቀድሞ ይጨርሰዋልና። ዋጋው አንድ ጊዜ ይነገር፤ ሥዕሉ ግን ጥያቄው እስኪያልቅ ከስክሪኑ አይነሣ፤ ገዢው ቍጥሩን የሚጽፈው ያን ጊዜ ነው።