ትርፍ እያለ ካዝናው ለምን ጎደለ?

በቁይና በአካባቢዋ የምትገኙ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት!

የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ጉባኤ ሲጠራ ሂሳብ ሹሙ ተነሥቶ «80,000 ብር አትርፈናል» አለ እንበል። ገንዘብ ያዡ ደግሞ «በካዝናና በባንክ ያለው 30,000 ብር ነው፤ አምና 90,000 ነበር» አለ። ጉባኤው ይታመሳል። «ካተረፍን ገንዘቡን ማን በላው?» ይባላል። ሰውን ሌባ ከማለት በፊት ግን ወረቀቱን መጠየቅ ይገባል። መልሱ ያለው በጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ ላይ ነው።

ለዚህ ሦስት ወረቀት ይበቃል፤ የአምናና የዘንድሮ የሀብትና ዕዳ መግለጫ፣ እንዲሁም የዘንድሮው የትርፍና ኪሳራ መግለጫ። ለትምህርት ያህል ያዘጋጀነው ምሳሌ ይኸውላችሁ። አሃዙ በብር ነው፤ መጀመሪያ አምና፣ ቀጥሎ ዘንድሮ።

ጥሬ ገንዘብ፦ 90,000 — 30,000
በዱቤ ከአባላት የሚሰበሰብ፦ 40,000 — 100,000
በመጋዘን ያለ እህል፦ 150,000 — 240,000
ወፍጮና መጋዘን (እርጅናው ተቀንሶ)፦ 200,000 — 230,000
ጠቅላላ ሀብት፦ 480,000 — 600,000

ለአቅራቢዎች የሚከፈል ዕዳ፦ 60,000 — 90,000
የባንክ ብድር፦ 100,000 — 120,000
የአባላት ዕጣ፦ 120,000 — 130,000
የተጠራቀመ ትርፍ፦ 200,000 — 260,000
ጠቅላላ ዕዳና ካፒታል፦ 480,000 — 600,000

የዘንድሮ ሽያጭ 900,000 ነው። ከዚህ ላይ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 740,000፣ ደመወዝና ልዩ ልዩ ወጪ 60,000፣ እርጅና 20,000 ሲቀነስ ትርፉ 80,000 ይሆናል።

አንደኛ፣ የዕለት ተዕለት ሥራ። ከትርፉ ከ80,000 እንነሣ። ከትርፍ ተነሥቶ ወደ ጥሬ ገንዘብ ስለሚደርስ ነው ዘዴው «ቀጥተኛ ያልሆነ» የተባለው። እርጅና 20,000 ይደመራል። ወፍጮው አረጀ ተብሎ በወረቀት ተቀነሰ እንጂ ከካዝና የወጣ ሳንቲም የለም። የአባላት ዱቤ በ60,000 አድጓል፤ ይቀነሳል። ማዳበሪያው ተሽጦ ትርፍ ውስጥ ገብቷል፣ ገንዘቡ ግን ገና በገበሬው እጅ ነው። የመጋዘኑ ጤፍና ስንዴ በ90,000 ጨምሯል፤ ይኸም ይቀነሳል፣ ብር ወደ እህል ተለውጧልና። ለአቅራቢዎች ያለው ዕዳ በ30,000 አድጓል፤ ይህ ይደመራል፣ ዕቃው መጣ እንጂ ገንዘቡ ገና አልወጣም።

80,000 + 20,000 − 60,000 − 90,000 + 30,000 = −20,000

ትርፉ 80,000 ሆኖ ሳለ ሥራው 20,000 ብር ከካዝና ወስዷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የቋሚ ንብረት ግዢ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ንብረቱ ከ200,000 ወደ 230,000 ስለሄደ «ግዢው 30,000 ነው» ይላል። ነገር ግን ዘንድሮ 20,000 በእርጅና ተቀንሶለታል። የተሸጠ ንብረት ከሌለ እውነተኛው ግዢ 30,000 + 20,000 = 50,000 ነው፤ ይህ ወጪ ነው።

ሦስተኛ፣ ብድር፣ ዕጣና የትርፍ ክፍያ። ብድር 20,000፣ ዕጣ 10,000 ጨምሯል፤ ሁለቱም ገቢ ናቸው። የተጠራቀመው ትርፍ ግን በ80,000 ማደግ ሲገባው ያደገው በ60,000 ነው። የጎደለው 20,000 ለአባላት የተከፋፈለ ትርፍ ነው፤ ይህንንም ከቃለ ጉባኤው ጋር አመሳክሩ። የተጣራው 20,000 + 10,000 − 20,000 = 10,000 ገቢ ይሆናል።

አሁን እንሰብስበው። −20,000 − 50,000 + 10,000 = −60,000። የአምናው 90,000 ላይ 60,000 ሲቀነስ 30,000 ይቀራል። ገንዘብ ያዡ ካለው ጋር ገጠመ። ባይገጥም ኖሮ መጀመሪያ መደመርና መቀነስ የተገለባበጠበትን መስመር ፈልጉ። ልዩነቱን ለሁለት ስትከፍሉት ከመስመሮቹ አንዱን ካገኛችሁ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ይሁንና አንድ ነገር ልብ በሉ። መግለጫው ገጠመ ማለት ሌባ የለም ማለት አይደለም። ወረቀቱ የሚለው «ገንዘባችሁ በዱቤ፣ በእህልና በወፍጮ ላይ ነው» ብቻ ነው። ኩንታሉ በመጋዘን የሌለ፣ ባለዕዳውም የማይታወቅ ከሆነ ስሌቱ እንዳማረ ይገጥማል። ስለዚህ ወረቀቱ ወደጠቆማችሁ ሂዱ፤ እህሉን አስመዝኑ፣ የባለዕዳዎችን ስም አስነብቡና «አለብህ ወይ?» በሉ፣ የወፍጮውን ግዢ ደረሰኝ እዩ፣ ገንዘቡን በፊታችሁ አስቆጥሩ፣ የባንኩን መግለጫም ተመልከቱ።

መልመጃ፦ ከዱቤው ላይ 40,000 ብር ከሰኔ 30 በፊት ቢሰበሰብ ኖሮ ትርፉ ስንት ይሆን ነበር? በካዝናና በባንክስ ስንት ይገኝ ነበር?

መልስ፦ ትርፉ ያው 80,000 ነው። ጥሬ ገንዘቡ ግን 70,000 ይሆን ነበር።