የፐርሰንቶች አማካይ ለምን ያሳስታል? ከፎገራ ሜዳ እስከ ነፋስ መውጫ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ቁጥር ስለሚጠቃለልበት መንገድ ነው። "የዞኑ አማካይ ይህን ያህል በመቶ ነው" የሚል ነገር በየቀኑ ስልካችን ላይ እናያለን። አንዳንዴ ግን ቁጥሩ ከእውነታው በጣም የራቀ ይሆናል፤ ያውም ማንም ሳይዋሽ።

ደቡብ ጎንደርን እንውሰድ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። ወደ ምዕራብ ስንወርድ ጣና ዳር የፎገራ ሜዳ አለ፤ ሩዝ የሚበቅልበት፣ ውሃ የሚተኛበት፣ ለወባ ትንኝ የሚመች ቦታ ነው። ወደ ምሥራቅ ስንወጣ ደግሞ ነፋስ መውጫ ከደብረ ታቦርም ከፍ ይላል። እዚያ ወባ የሚገኝበት ሰው ብዙ ጊዜ ቆላ ሠርቶ የተመለሰ ነው።

አሁን ለስሌት እንዲመቸን ቁጥሮቹን እኔ ልስጣችሁ። በአንድ ሳምንት ፎገራ ውስጥ 800 ሰው የወባ ምርመራ አደረገ፣ 240ው ተገኘበት፤ ይህ 30 በመቶ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ከ150 ሰው 15ቱ፣ ማለትም 10 በመቶ። ነፋስ መውጫ ላይ ከ50 ሰው አንዱ ብቻ፣ ማለትም 2 በመቶ።

ሪፖርት የሚሠራው ሰው ሦስቱን ፐርሰንቶች ደምሮ ለሦስት ቢያካፍል 14 በመቶ ያገኛል። ልክ ይመስላል አይደል? ግን ሰዎቹን ራሳቸውን እንቁጠር። የተመረመሩት በጠቅላላው 1,000 ናቸው፣ የተገኘባቸው 256። ትክክለኛው መልስ 25.6 በመቶ ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ፐርሰንቶቹን ብቻ ስናካፍል የነፋስ መውጫው 50 ሰው ከፎገራው 800 ሰው ጋር እኩል ድምፅ አገኘ። ፐርሰንት ከስንት ሰው እንደመጣ አይናገርም፤ ያንን የሚነግረን ከታች ያለው የተመርማሪዎች ቁጥር ነው።

ጉዳቱ መድኃኒት ሲታዘዝ ይታያል። በ14 በመቶ ሒሳብ ለ1,000 ተመርማሪ የ140 ሰው መድኃኒት ይጠየቃል። የታመመው ግን 256 ነው። 116 ሰው መድኃኒት አልቋል ተብሎ ይመለሳል ማለት ነው። ስህተቱ በተቃራኒውም ይሠራል፦ አንድ ጤና ኬላ አምስት ሰው መርምሮ አራቱ ቢገኝባቸው 80 በመቶ ይሆንና የዞኑን አማካይ ያለ አግባብ ወደ ላይ ይጎትተዋል።

አገር አቀፍ ምሳሌም አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱ ሕፃናት 26 በመቶ ነበሩ። የዘጠኙን ክልሎችና የሁለቱን ከተማ አስተዳደሮች ፐርሰንት ደምራችሁ ለ11 ብታካፍሉ ግን ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ምክንያቱም አዲስ አበባ 97 በመቶ፣ ኦሮሚያ 19 በመቶ ነበሩ፤ የሚወለደው ሕፃን ብዛት ግን በፍጹም አይቀራረብም። ሐረሪና ድሬዳዋም ከግማሽ ያላነሰ ፐርሰንት ነበራቸው፣ ሕዝባቸው ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው አጥኚዎቹ አገራዊውን ቁጥር ሲያወጡ ለእያንዳንዱ ክልል እንደ ሕዝቡ ብዛት ክብደት የሚሰጡት።

ታዲያ እንዴት እንለየው? ቀላል መፈተሻ አለ። የተሰጣችሁን አማካይ በጠቅላላው የተመርማሪ ቁጥር አባዙት። በምሳሌያችን 14 በመቶ የ1,000 ሲሰላ 140 ይወጣል፤ መዝገቡ ግን 256 ይላል። ካልገጠመ ፐርሰንቶች ተደምረው ተካፍለዋል ብላችሁ ጠርጥሩ። ፐርሰንት ብቻ ተሰጥቷችሁ የሰው ቁጥር ከሌለ ደግሞ "ከስንት ሰው?" ብላችሁ ሳትጠይቁ አታጠቃልሉ። ሁሉም ቦታ የተመረመረው ሰው እኩል ከሆነ ወይም ፐርሰንቱ ሁሉም ጋ አንድ ከሆነ ሁለቱ ስሌቶች አንድ መልስ ይሰጣሉ፤ ያኔ ችግር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። 25.6 ትክክል ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። አልጋ አጎበር የት ይሂድ ለሚለው ጥያቄ 30፣ 10 እና 2 ተለያይተው መታየት አለባቸው፤ ጠቅላላው ቁጥር የፎገራን ሸክም ለነፋስ መውጫም ያካፍላልና። እንዲሁም 25.6 ከተመረመሩት ውስጥ ነው እንጂ ከዞኑ ነዋሪ ውስጥ አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ትኩሳት የያዘው ሰው ነው።

በምትሠሩበት ቦታ እንዲህ ያለ ሪፖርት ካጋጠማችሁ ቁጥሮቹን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እናስላው። ሰላም ሁኑ!