«ፔጁ በእኔ ስም ነው»፦ ለገጽ አስተዳዳሪ የሚከፈል የወር ገንዘብ ምን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ «ኬንት ኢስት ሂል ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። የፌስቡክና የኢንስታግራም ገጻችንን፣ ጉግል ላይ ያለውንም ጭምር፣ አንድ ወጣት በወር 500 ዶላር ይዞልን ነበር። በሰው በሰው የመጣ ልጅ ስለሆነ ውል አልጻፍንም። 14 ወር ከፈልኩት። ሥራው ሲቀዘቅዝብኝ ግን የሁለት ወር ያዝኩበት። አሁን ‹1,000 ዶላሬን ካልሰጠሽኝ ፔጁን አልለቅም፣ በእኔ ስም የተከፈተ ነው፤ ፎቶዎቼንም ከሜኑሽ ላይ አንሺ› ይለኛል። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?»

መልስ፦ የጠያቂዋ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ። መልሱም የዋሽንግተን ስቴትን ሕግ ለማስረዳት ያህል ነው፤ የእርስዎን ወረቀትና መልእክት አይቶ የሚመክር ጠበቃን አይተካም።

በአጭሩ፣ ገጹ የምግብ ቤቱ ነው ብለው ለመከራከር ጥሩ መሠረት አለዎት። ፎቶዎቹ የልጁ ናቸው፤ ቢሆንም ከሜኑዎ ላይ ለማንሳት አይገደዱም። 1,000 ዶላሩ ደግሞ ቁጭ ተብሎ ሲተሳሰብ 1,000 ላይሆን ይችላል። ጠቡ ከገንዘቡ ስለተነሳ ከእሱ ልጀምር።

ለገጽ አስተዳዳሪ የሚከፈልን ዋጋ የሚተምን ሕግ የለም። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው «ምን ተስማማችሁ?» ብሎ ብቻ ነው። የቃል ስምምነትም ውል ነው። በየወሩ ሊቋረጥ የሚችል ሥራ ከሆነ ስላልተጻፈ ብቻ አይፈርስም። ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው፤ እንደ እርስዎ ባለ ጉዳይ ማስረጃው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በስልክ መልእክት ውስጥ ነው። ከላኩልኝ የመልእክት ፎቶዎች አንዱ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የተጻፈ ነው፦ «ከ500ው 150ው ለፌስቡክ ማስታወቂያ ነው፣ 350ው የእኔ። በወር 12 ፖስት።» ይቺ አንዲት መስመር ለእርስዎ ትልቅ ነገር ናት።

ምክንያቱም 500 ዶላሩ አንድ ዓይነት ገንዘብ አይደለም። 350ው የጉልበት ዋጋ ነው፤ ልጁ ሥራውን ከሠራ የእሱ ነው። 150ው ግን ወደ ፌስቡክ እንዲያልፍ በእጁ የተሰጠ ገንዘብ ነው፤ ካላሳለፈው ሊመልሰው ይገባል። እንግዲህ እናስላው። በተከፈሉት 14 ወራት ለማስታወቂያ መዋል የነበረበት 2,100 ዶላር ነው። ልጁ ሲጠየቅ የላከው የፌስቡክ ደረሰኝ ተደምሮ 1,240 ይሆናል። ስለዚህ 860 ዶላር የት እንደገባ አይታወቅም ማለት ነው። ባልተከፈሉት ሁለት ወራት ደግሞ ምንም ማስታወቂያ አልወጣም፤ ስለዚህ የሚጠይቀው 1,000 ሳይሆን የጉልበቱን 700 ብቻ ነው። 860 ከ700 ጋር ሲቻቻል እሱ ለእርስዎ 160 ዶላር ይመልሳል። በእነዚያ ሁለት ወራት ከ12 ፖስት ያነሰ ሠርቶ ከሆነ ደግሞ 700ውም ሊቀነስ ይችላል። በተቃራኒው ስምምነቱ «በ500 ዶላር ሁሉንም እይዝልሻለሁ» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ለማስታወቂያ ስንት እንደሚያወጣ የመወሰኑ ነገር የእሱ ነበር፤ የእርስዎም ክርክር በጣም ይሳሳ ነበር።

ለወደፊቱ የማስታወቂያው ገንዘብ በማንም እጅ አይለፍ። የማስታወቂያ አካውንቱን በድርጅትዎ ስም ይክፈቱ፣ የራስዎን ካርድ ያስገቡበት፣ ለአስተዳዳሪው የመሥራት ፈቃድ ብቻ ይስጡት። ያኔ Billing & payments የሚለውን ሲከፍቱ እያንዳንዱ ዶላር መቼ እንደወጣ ራስዎ ያያሉ።

ታክስም አለ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዋሽንግተን በማስታወቂያ አገልግሎት ላይ፣ የዲጂታሉን ጨምሮ፣ የሽያጭ ታክስ ታስከፍላለች። ኬንት ላይ ታክሱ 10 በመቶን ትንሽ ያልፋል። አስተዳዳሪው ሂሳብ ሲልክልዎ ታክሱን ለብቻው ይጻፍ፤ የንግድ ምዝገባ ቁጥሩንም ይጠይቁት። ሻጩ ሳይሰበስብ ቢቀር ስቴቱ ገዢውን ሊጠይቅ ስለሚችል «የእሱ ጉዳይ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የ350ውን ጉልበት በተመለከተ ሰዎች የሚቆጥሩት ፖስት ብቻ ነው። ገበያ የሚያሳጣው ግን ሌላ ነገር ነው። በሁዳዴ መካከል የክትፎ ፎቶ የሚለጥፍ፣ ለፋሲካ ዝግ መሆንዎን ጉግል ላይ ሳያስተካክል ደንበኛ በር ላይ የሚያስቀር አስተዳዳሪ 12 ፖስቱን ቆጥሮ ቢያስረክብም ሥራውን አልሠራም። ስለዚህ ስምምነቱ ላይ በወር ስንት ፖስት እንደሆነ፣ ፎቶ ለማንሳት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ለኮሜንትና ለመልእክት በስንት ሰዓት ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ፣ የጉግልን የሥራ ሰዓትና ስልክ ማን እንደሚያስተካክል ይጻፍ። ከዋጋው ውጭ የሆነውም፣ ለምሳሌ የሠርግ ቪዲዮ ወይም የሜኑ ኅትመት፣ ከዋጋው ጋር ይጻፍ። በወር መጨረሻ አንድ ገጽ ሪፖርት እንዲሰጥዎም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ማንም አያስታውሰውም።

በምንም ክፍያ ውስጥ መግባት የሌለበት አንድ ነገር አለ። «50 ባለ አምስት ኮከብ ሪቪው አመጣልሻለሁ» ወይም «5 ሺህ ፎሎወር እጨምራለሁ» የሚል ካለ አይቀበሉ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ የሐሰት ሪቪውም ሆነ የተገዛ ፎሎወር ከልክሏል። ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት ከ50 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል፤ የሚመለከተውም ሻጩን ብቻ ሳይሆን ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የሚገዛውን ነጋዴ ጭምር ነው። የእኛ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ፦ ልጅዎን ወይም አስተናጋጅዎን ዝምድናውን ሳይገልጹ ሪቪው እንዲጽፉ ማድረግም በዚሁ ደንብ ውስጥ ይወድቃል።

ወደ ገጹ እንምጣ። አንድ የቴክሳስ ጉዳይ ይጠቅመናል። አንድ የጦር መሣሪያ መደብር ከስሮ በኪሳራ ፍርድ ቤት በኩል ወደ ሌላ ባለቤት ሲተላለፍ የቀድሞው ባለቤት የፌስቡክ ገጹን የይለፍ ቃል አልሰጥም አለ፤ ተከታዮቹ እኔን ብለው የመጡ ናቸው ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2015 ገጹ በመደብሩ ስም የተከፈተ፣ ከመደብሩ ድረ ገጽ ጋር የተያያዘና ለመደብሩ ሽያጭ የዋለ ስለሆነ የንግዱ ንብረት ነው ብሎ ወሰነ። ሰውየው እምቢ ብሎ በመቆየቱም ችሎት በመድፈር ታሰረ። ይህ ውሳኔ ኬንት ላይ ያለውን ዳኛ አያስገድድም፤ ሚዛኑ ግን ለእርስዎም የሚሆን ነው። ገጹ የምግብ ቤቱን ስም፣ አድራሻና ስልክ ይዟል፤ ሥራውም በእርስዎ ትእዛዝና ገንዘብ ተሠርቷል። ልጁ በራሱ ኢሜይል ስለከፈተው የራሱ አይሆንም። የፌስቡክ መመሪያም የአንድን ድርጅት ገጽ ማስተዳደር የሚችለው ድርጅቱ የወከለው ሰው ብቻ ነው ይላል።

ፎቶው ግን ሌላ ሕግ አለው። በፌዴራል የቅጂ መብት ሕግ፣ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ሰው ያነሳው ፎቶ ገንዘብ ስለተከፈለበት ብቻ የከፋዩ አይሆንም፤ መብቱ የሚተላለፈው በጽሑፍና በፊርማ ነው። ይሁንና ዋሽንግተንን የሚጨምረው ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1990 አንድ የፊልም ጉዳይ አይቷል። ልዩ የፊልም ትዕይንት የሠራው ድርጅት ሙሉ ክፍያ ስላላገኘ ፊልሙ ላይ የተጠቀማችሁት ያለ ፈቃድ ነው ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ መብቱ ወደ ፊልም ሠሪው አልተላለፈም፣ ነገር ግን ሥራውን ሠርቶ ለዚያው ፊልም ማስረከቡ በራሱ የመጠቀም ፈቃድ ነው አለ፤ ቀሪውን ገንዘብ በውል ክስ ይጠይቅ ብሎም ሸኘው። የበያይነቱ ፎቶ ለሜኑዎ ተብሎ ከተነሳና ከተሰጠዎ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ፎቶውን ለሌላ ሰው መሸጥ ወይም ለሌላ ምግብ ቤት ማስተላለፍ ግን ያለ እሱ ፊርማ አይቻልም።

አሁን ምን ያድርጉ? የመልእክቶቹን ፎቶ ያስቀምጡ፣ ሒሳቡንም እላይ እንዳደረግነው በአንድ ገጽ ይጻፉ። ከዚያ 10 ቀን የሚሰጥ ደብዳቤ ይላኩለት፤ ገጹ ላይ Full control እንዲሰጥዎ፣ ጉግል ላይ Primary owner እንዲያደርግዎ፣ የኢንስታግራሙን ኢሜይልና ስልክ እንዲቀይር ይጠይቁ። የገንዘቡን ክርክር ከገጹ ለይተው ይጻፉ። ዝም ካለ ጉግል ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ራስዎ ማስገባት ይችላሉ፤ በእጁ የያዘው ሰው በተሰጠው ቀን ውስጥ ካልመለሰ በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በሌላ መንገድ የድርጅቱ ባለቤት መሆንዎን የማረጋገጥ ዕድል ሊያገኙ ይችላሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ ስሞል ክሌምስ ቀላሉ ችሎት ነው። ኬንት ያለው ማሌንግ የፍትሕ ማዕከል ውስጥ የኪንግ ካውንቲ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት አለ። ከሳሹ ሰው ከሆነ እስከ 10,000 ዶላር፣ ምግብ ቤቱ ኤልኤልሲ ሆኖ በድርጅቱ ስም ከከሰሱ እስከ 5,000 ዶላር መጠየቅ ይቻላል። ያለ ዳኛው ፈቃድ ጠበቃ አይገባም፤ አስተርጓሚ ከፈለጉ አስቀድመው ያሳውቁ። ይህ ችሎት ግን የሚፈርደው ገንዘብ ብቻ ነው፤ «ገጹን መልስ» ብሎ አያዝም። ያንን ትእዛዝ ከፈለጉ ሱፔሪየር ኮርት መሄድ አለብዎ፤ ወጪው ደግሞ ከ160 ዶላሩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ገጹን በደብዳቤው ጊዜ ከለቀቀ 160ውን ቢተዉለት አይከስሩም፤ እኔ ብሆን እንዲያ እደራደር ነበር። የቃል ስምምነት ክስ በሦስት ዓመት፣ የጽሑፍ ውል በስድስት ዓመት በይርጋ ስለሚታገድ ለመደራደር ጊዜ አለዎት።

አንድ ነገር ግን እንዳያደርጉ። ስልክ ደውለው እያናገሩት «ማስረጃ ይሆነኛል» ብለው ድምፁን በድብቅ አይቅዱ። በዋሽንግተን የግል ንግግርን ያለ ሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው፤ ቅጂውም ፍርድ ቤት አይቀበለውም። መናገር ያሰቡትን በመልእክት ይጻፉለት፤ እሱም በመልእክት ይመልስ።